መስመሩ አንድ፣ ክፍተቱ ሁለት፦ የሚመሳሰሉ ፓራግራፎች ለምን ተራርቀው ይታያሉ?

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ በሚገኘው በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ላይ ባለች አንዲት ጠባብ የንግድ ክፍል ውስጥ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ወደዚህ ሰፈር ሰው ገና እየገባ ስለሆነ አዳዲስ እድሮች፣ የብሎክ ኮሚቴዎችና ማኅበራት በየጊዜው ይመሠረታሉ፤ ሲመሠረቱም መተዳደሪያ ደንብ ያስጽፋሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ እጅ ያለፈበትን ሰነድ፣ ማለትም አንዱ ቤቱ ጀምሮት፣ ሌላው በቢሮው ቀጥሎት፣ ሦስተኛው ከሌላ ፋይል ቀድቶ የጨመረበትን ጽሑፍ፣ አስተካክሎ ማተም የዘወትር ሥራዬ ሆኗል። እንዲህ ባለ ሰነድ ላይ ከሚገጥሙኝ ችግሮች መካከል ሰውን እጅግ የሚያደክመው የክፍተት ጉዳይ ነው። ፊደሉ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ የመስመር ክፍተቱም አንድ ሆኖ ሳለ አንዳንዱ ፓራግራፍ ከጎረቤቱ ርቆ፣ አንዳንዱ ደግሞ ተጣብቆ ይታያል። በቅርቡ ያስተካከልሁትን የአንድ እድር ደንብ ይዤ ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳ።

በቅድሚያ ስለ አንድ ቃል መናገር ይኖርብኛል። በአማርኛ «አንቀጽ» ስንል የጽሑፍን ክፍልም የሕግን ድንጋጌም ማለታችን ነው፤ በማይክሮሶፍት ወርድ ዘንድ ግን ፓራግራፍ የሚባለው ኤንተር ተጭኖ የተዘጋ ማንኛውም ጽሑፍ ነው፤ አንድ ቃል ብቻ ቢሆንም፣ ጭራሽ ባዶ ቢሆንም። የእድሩ ደንብ አንቀጽ 5 በሕግ ዓይን አንድ አንቀጽ ሲሆን በወርድ ዓይን ግን አራት ፓራግራፍ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ አንቀጽ የምለው የደንቡን ድንጋጌ ሲሆን ወርድ የሚያውቀውን ደግሞ ፓራግራፍ እለዋለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን በጥንቃቄ የሚሠሩ ሰው ናቸው። ፍላሹን ሰጥተውኝ ፋይሉን ስከፍተው አጠገቤ ቆመው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉና «ልጄ፣ ሁሉንም መርጬ መስመሩን አንድ አድርጌዋለሁ። እነዚህ ግን አሁንም ተራርቀዋል፤ እነዚያ ደግሞ ተጣብቀዋል። ሁለት ሌሊት ለፋሁበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። Ctrl+A ብለው ሁሉን መርጠው፣ Ctrl+1 ብለው የመስመር ክፍተቱን Single አድርገውታል። ያደረጉት ነገር ስህተት የለበትም፤ የነኩት ቦታ ግን ችግሩ ያለበት ቦታ አልነበረም።

ምክንያቱም በወርድ ውስጥ ዓይናችን እንደ አንድ የሚያየው ነጭ ክፍተት ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይመጣል። አንደኛው Line Spacing የሚባለው ሲሆን፣ በአንድ ፓራግራፍ ውስጥ ያሉት መስመሮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ ይወስናል። ሁለተኛው Before እና After የሚባሉት ሲሆኑ፣ ከፓራግራፉ የመጀመሪያ መስመር በላይና ከመጨረሻው መስመር በታች የሚጨመር ባዶ ቦታ ናቸው። እነዚህ የሚለኩት በፖይንት ነው፤ 72 ፖይንት አንድ ኢንች ስለሚሆን 12 ፖይንት ከአራት ሚሊ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፣ 8 ፖይንት ደግሞ ሦስት ሚሊ ሜትር አይሞላም። Ctrl+1፣ Ctrl+2 እና Ctrl+5 የሚነኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ፓራግራፉ በፊትና በኋላ ይዞት የመጣው ባዶ ቦታ እንዳለ ይቀመጣል።

ሰው ሁለቱን የሚያቀላቅልበት በቂ ምክንያት አለው። በ Home ትር ላይ ያለችውን የመስመር ክፍተት ምልክት ስትጫኑ 1.0፣ 1.15፣ 1.5 እያለ የሚወርደው ዝርዝር መጨረሻው ላይ Add Space Before Paragraph እና Remove Space After Paragraph የሚሉ ትእዛዞች ይዟል። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች በአንድ በር ስለሚገቡ ተጠቃሚው አንድ ነገር ናቸው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በዚያ ላይ ከወርድ 2013 ጀምሮ አዲስ ባዶ ሰነድ ሲከፈት After ላይ 8 ፖይንት አስቀድሞ ተሰጥቶ ይመጣል፤ በ2007ቱና በ2010ሩ 10 ነበር፤ በ2003ቱ ደግሞ ምንም አልነበረም። እንግዲህ ማንም ሳይነካው እንኳ በሁለት የተለያዩ ዘመን ኮምፒዩተሮች የተጀመሩ ሁለት ጽሑፎች በፓራግራፎቻቸው መካከል ያለው ክፍተት ይለያያል ማለት ነው።

ችግሩ ከሁለቱ ከየትኛው እንደመጣ ለመለየት ምንም ሳይጫኑ በዓይን ብቻ ማየት ይቻላል። ከአንድ መስመር በላይ ያላቸውን ሁለት ፓራግራፎች አስተያዩ። በየውስጣቸው ያሉት መስመሮች እኩል ከተራራቁና ልዩነቱ የሚታየው አንዱ አልቆ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ ብቻ ከሆነ፣ ጉዳዩ የ Before ወይም የ After ነው። ልዩነቱ በፓራግራፉ ውስጥም ካለ ግን ወደ መስመር ክፍተት ወይም ወደ ፊደል ዓይነት መሄድ ይገባል፤ ወደዚያ ኋላ እመለሳለሁ። በእድሩ ደንብ ላይ ከአንቀጽ 1 እስከ 14 ያለው ሁሉ ውስጡ አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የነበረው በመጋጠሚያዎቹ ላይ ነው።

ከዚያ Ctrl+Shift+8 ተጫንሁና የተደበቁት ምልክቶች ወጡ። በየፓራግራፉ መጨረሻ የምትታየው ¶ ምልክት ጌጥ አይደለችም፤ ፓራግራፉ የያዘው የክፍተት ትእዛዝ ሁሉ የሚቀመጠው እርሷ ላይ ነው። ይህ ከታወቀ ሁለት ነገሮች ግልጽ ይሆናሉ። አንደኛ፣ ጽሑፍ ከነምልክቷ ከተቀዳ ክፍተቱም አብሮ ሊቀዳ ይችላል። ሁለተኛ፣ በፓራግራፍ መጨረሻ ላይ ኤንተር ስንጫን የሚወለደው አዲስ ፓራግራፍ የቀዳሚውን ክፍተት ስለሚወርስ፣ አንድ ቦታ ላይ የተፈጠረ ስህተት ከዚያ በኋላ ወደተጻፈው ሁሉ ይወርዳል። ስለዚህ ክፍተቱ የተለየው ብዙ ፓራግራፎች ላይ ከሆነ ሁሉንም ማየት አያስፈልግም፤ ልዩነቱ የጀመረበትን መጋጠሚያ ፈልጎ ማግኘት ይበቃል።

በደንቡ ላይ ክፍተቱ የሰፋው ከአንቀጽ 9 እስከ 11 ነበር። እዚህ አካባቢ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ፓራግራፍ ሲሆን ርእሱ በዚያው መስመር በደማቅ ተጽፎ ጽሑፉ ይቀጥላል፤ ስለዚህ ልዩነቱ የጀመረው በ8 እና በ9 መካከል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መረጥሁና Layout የሚለውን ትር ከፈትሁ። እዚያ Before እና After የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። After የሚለው ሳጥን 8 ይላል፤ Before የሚለው ግን ባዶ ነው። ይህን ባዶነት ብዙ ሰው ዜሮ ነው ብሎ ያልፈዋል። ዜሮ ቢሆን ኖሮ 0 ተብሎ ይጻፍ ነበር። ሳጥኑ ባዶ የሚሆነው የተመረጡት ፓራግራፎች የተለያየ ቁጥር ሲይዙና ወርድ የትኛውን እንደሚያሳይ ሲቸገር ነው። በእኔ ልምድ ከዚህ ባዶ ሳጥን የበለጠ ፈጣን ምስክር የለም። አንድ በአንድ ስመርጣቸው አንቀጽ 8 Before ላይ 0፣ አንቀጽ 9 ደግሞ 12 ይላሉ።

«12 ከየት መጣ? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍሁም» አሉ ጸሐፊው። አልጻፉም፤ ጣታቸው ግን ነክቶት ሊሆን ይችላል። በወርድ ውስጥ Ctrl ን ይዞ ከፊደላቱ በላይ ባለው የቁጥር ረድፍ ላይ 0 ን መጫን ጠቋሚው ያለበት ፓራግራፍ ላይ የ12 ፖይንት Before ይጨምራል፤ ደግሞ ሲጫኑት ያነሳዋል። በኢንተርኔት መቃኛ ላይ ደግሞ ያው Ctrl+0 ያጎላነውን ገጽ ወደ መደበኛ መጠኑ የሚመልስ ቁልፍ ነው። እርሳቸውም ዓይናቸው ስለደከመ ድረ ገጽ አጉልተው ማንበብ፣ ሲጨርሱም በዚሁ ቁልፍ መመለስ ልማዳቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ወርድ ላይ ሆነው ገጹን ለመመለስ ሲጫኑት የገጹ መጠን አልተለወጠም፤ አንቀጽ 9 ግን ጥቂት ወደ ታች ተገፋ። ከዚያ ኤንተር እያሉ 10ን እና 11ን ሲጽፉ እነርሱም ወረሱት። አንቀጽ 12 ከሌላ ፋይል የመጣ በመሆኑ ውርሱ እዚያ ላይ ቆመ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን፤ ሁለት ሌሊት የወሰደባቸውም ይህ ነው። ጸሐፊው ስለ Before እና After ጨርሶ የማያውቁ ሰው አልነበሩም። በ8 እና በ9 መካከል ያለውን ክፍተት ለማጥበብ የአንቀጽ 8ን After ከ8 ወደ 0 አውርደው ነበር። ምንም አልተለወጠም። ለውጥ ባለማየታቸው «ይሄ ነገር አይሠራም» ብለው መልሰው 8 አደረጉት። ለውጥ ያልታየው ወርድ በሁለት ፓራግራፎች መካከል ያለውን ክፍተት ሲያሰላ የላይኛውን After እና የታችኛውን Before ስለማይደምር ነው። ከሁለቱ ትልቁን ይወስዳል፣ ትንሹን ይተወዋል። ከላይ 8፣ ከታች 12 ሲገናኙ ክፍተቱ 20 ሳይሆን 12 ነው። ከላይ ያለውን 8 ወደ 0 ብናወርደውም ትልቁ ያው 12 ስለሆነ ገጹ ላይ ምንም አይታይም። ጸሐፊው ትክክለኛውን መሣሪያ ይዘው የተሳሳተውን ፓራግራፍ ሲጠግኑ ነበር።

ይህ ሕግ ሌላም እንግዳ ነገር ያስከትላል። በፊታቸው የአንቀጽ 9ን Before በሳጥኑ ጎን ባለችው ወደ ታች በምታመለክት ቀስት አንድ ጊዜ ቀነስሁት። ቀስቷ የምትራመደው በ6 በ6 ፖይንት ስለሆነ 12 የነበረው 6 ሆነ፤ ክፍተቱም ጠበበ፤ ነገር ግን 6 አልሆነም፣ 8 ሆነ። አሁን ከሁለቱ ትልቁ የአንቀጽ 8 After ስለሆነ የሚገዛው እርሱ ነው። ደግሜ ስጫን Before 0 ሆነ፤ ክፍተቱ ግን ከ8 ንቅንቅ አላለም። እንግዲህ አንድ መጋጠሚያ ላይ ቁጥር ለውጣችሁ ገጹ ዝም ካለ፣ ፕሮግራሙ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት የወዲያኛውን ፓራግራፍ ቁጥር ተመልከቱ።

ስለ ቀስቷ ካነሣሁ አይቀር ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። 8 በ6 ስለማይካፈል ከ8 አንድ ጊዜ የተነሣ ሰው በቀስት ተመልሶ 8 ላይ አያርፍም፤ ወይ 6 ወይ 12 ላይ ይቆማል። ስለዚህ ቁጥሩን በእጅ መጻፍ ይሻላል። እንዲሁም 0 ላይ ደርሶ አንድ ጊዜ በተጨማሪ ወደ ታች የተጫነ ሰው ሳጥኑ ውስጥ Auto የሚል ቃል ያገኛል። Auto ማለት ዜሮ አይደለም፤ ወርድ የድረ ገጽን አሠራር ተከትሎ ራሱ የሚሰጠው ክፍተት ነው፤ ከ8 ፖይንትም ሰፋ ብሎ ይታያል። ከድረ ገጽ ተቀድቶ የመጣ ጽሑፍም ብዙ ጊዜ ይህንኑ Auto ይዞ ይመጣል። የደንቡ አንቀጽ 14 ከድረ ገጽ የተወሰደ ስለነበር እንዲሁ ነበረ፤ 0 እና 8 ብዬ ስጽፍበት ተስተካከለ።

ትልቁን የመውሰድ ሕግ ገደብ አለው። በወርድ 2013 እና ከዚያ ወዲህ በወጡት በተፈጠረ ሰነድ ላይ እንዳልሁት ይሠራል። ፋይሉ የድሮ ከሆነና ከላይ በፋይሉ ስም አጠገብ Compatibility Mode የሚል ጽሑፍ ካለበት ግን ሁለቱ ቁጥሮች የሚደመሩበት አሮጌ አሠራር ተመርጦ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ 8 እና 12 እውነትም 20 ይሆናሉ። ይህን ለማወቅ ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹን 0 አድርጎ ማየት ይበቃል፦ ክፍተቱ ከጠበበ እየደመረ ነው፣ ካልተነቃነቀ ትልቁን እየወሰደ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይበልጥ የተደበቀ ነበር፤ እኔም ወደዚህ ሥራ የገባሁ ሰሞን እንዲህ ባለ ነገር ብዙ ተንገላትቻለሁ። በአንቀጽ 5 ሥር የአባላት ግዴታዎች 5.1፣ 5.2 እና 5.3 ተብለው በሦስት ፓራግራፎች ተዘርዝረዋል። እነዚህ ሦስቱ አንዱ ከሌላው ጋር ተጣብቀዋል፤ ከ5.3 በኋላ ግን ወደ አንቀጽ 6 ሲታለፍ የተለመደው ክፍተት አለ። 5.1ን ከአንቀጽ 8 ጋር አስተያይቼ ቁጥራቸውን ሳይ Before ሁለቱም 0፣ After ሁለቱም 8፣ የመስመር ክፍተት ሁለቱም Single ነው። ባዶ ሳጥን እንኳ የለም። ቁጥሩ ሁሉ አንድ ሆኖ ክፍተቱ ይለያያል።

መልሱ ያለው በ Layout ትር ላይ ሳይሆን Paragraph በሚባለው መስኮት ውስጥ ነው። ከሳጥኖቹ ሥር ባለችው በትንሿ ቀስት ሲከፈት፣ ከ Before እና After በታች Don't add space between paragraphs of the same style የምትል ምልክት የሚደረግባት መስመር አለች። ትርጉሟ ይህ ነው፦ ይህ ፓራግራፍና ጎረቤቱ የአንድ ስታይል ከሆኑ በመካከላቸው የተጻፈውን ክፍተት አትስጥ። ስታይል ማለት ወርድ ለአንድ ዓይነት ፓራግራፎች በስም ያስቀመጠው የቅርጽ ጥቅል ነው። ተራው ጽሑፍ Normal የሚባለውን ይለብሳል። በተራ ጽሑፍ ላይ የቁጥር ወይም የነጥብ ዝርዝር ቁልፍ ስንጫን ግን ወርድ ሳይነግረን ስታይሉን ወደ List Paragraph ይቀይረዋል፤ List Paragraph ደግሞ ያቺን ምልክት አስቀድሞ ይዞ ነው የሚመጣው። ለዝርዝር የታሰበ ስለሆነ ዝርዝሩ እንዳይበታተን ያደርጋል።

ጸሐፊው የሆነውን ሲያስታውሱ ነገሩ ተገጣጠመ። ግዴታዎቹን ለመዘርዘር የቁጥር ቁልፉን ተጫኑ፤ ወርድ 1፣ 2፣ 3 አላቸው፤ እርሳቸው የፈለጉት ግን 5.1፣ 5.2፣ 5.3 ነበር። ቁልፉን ደግመው ተጭነው ቁጥሩን አጠፉት፣ ወደ ውስጥ የገባውን ጽሑፍ በማስመሪያው ወደ ግራ መለሱት፣ ከዚያ 5.1 ብለው በእጃቸው ጻፉ። ለዓይን እንደ ሌላው ጽሑፍ ሆነ፤ በውስጡ ግን List Paragraph እንደሆነ ቀረ። 5.1 እና 5.2 የአንድ ስታይል ልጆች ስለሆኑ 8 ፖይንቱ ተጻፈ እንጂ አልተሰጠም፤ 5.3 እና አንቀጽ 6 ስታይላቸው ስለሚለያይ ተሰጠ። ሳጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ፓራግራፉ የሚጠይቀው እንጂ ገጹ ላይ በእርግጥ የሚታየው እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም።

እንዲህ ያለውን ድብቅ ልዩነት ለማውጣት Shift+F1 የሚከፍተው መስኮት ይረዳል። በስክሪኑ ጎን ይወጣና የተመረጠው ጽሑፍ የለበሰውን ሁሉ ይዘረዝራል። Compare to another selection የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ ሁለተኛውን ፓራግራፍ ብትመርጡ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ለይቶ ያሳያል። ለ5.1 እና ለአንቀጽ 8 ያወጣው ልዩነት ስታይሉንና ይህንኑ ክፍተት የመከልከል ትእዛዝ ነበር። ብዙ መዞር ሳያስፈልገኝ በአንድ ጊዜ አየሁት።

መድኃኒቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ Ctrl+A ብሎ ሁሉን መርጦ Before 0፣ After 8 መጻፍ ነው። ይህ ለአጭር ደብዳቤ ይበቃል፤ ለደንብ ግን አልመክረውም። የየምዕራፉ ርእስ ከላይ ሰፋ ያለ ቦታ እንዲኖረው ተብሎ የተሰጠው ክፍተት አብሮ ይጠፋል፤ በ5.1 ላይ እንዳየነው ደግሞ ስታይሉ የያዘው እገዳ ሳይነካ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው በእጅ መጻፍ የነገውን አለመከላከሉ ነው። በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንቀጽ ሲሻሻል ሌላ ሰው ሌላ ክፍተት ያስገባል፤ ፍለጋውም እንደገና ይጀመራል።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በ Home ትር ላይ Normal የሚለውን ስታይል በቀኝ ቁልፍ ተጭኜ Modify አልሁና ተራው ጽሑፍ እንዲኖረው የምፈልገውን ሁሉ እዚያ አስገባሁ፦ Before 0፣ After 6፣ የመስመር ክፍተት Single፣ ግራና ቀኙ የተስተካከለ አሰላለፍ። ከ8 ይልቅ 6 የመረጥሁት ደንቡ በአራት ገጽ እንዲያልቅ ስለፈለጉ ነው። ከዚያ የምዕራፍ ርእሶቹን ትቼ የአንቀጾቹን ጽሑፍ ብቻ መረጥሁ፤ Ctrl+Shift+N ተጫንሁና ሁሉም Normal ሆኑ፤ 5.1፣ 5.2 እና 5.3ም ከ List Paragraph ወጡ። ቀጥሎ Ctrl+Q ተጫንሁ። ይህ ቁልፍ በፓራግራፉ ላይ በእጅ የተጫነውን ትእዛዝ አራግፎ ስታይሉ የሚለውን ብቻ ያስቀራል። በአንቀጽ 10 እና 11 ላይ የቀረው ስህተት 12 ፖይንት፣ ከሌላ ፋይል የመጡት ክፍተቶች፣ በሌሊት ተሞክረው የቀሩት ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ምት ጠፉ። በደማቅ የተጻፉት የአንቀጽ ስሞች ግን አልተነኩም፤ Ctrl+Q የፓራግራፉን ቅርጽ እንጂ የፊደሉን አይነካምና።

የዚህ ቅደም ተከተል መለወጥ ጉዳት አለው። Ctrl+Q ክፍተትን ብቻ ሳይሆን በእጅ የተሰጠውን አሰላለፍና ገባ ማለትንም ያራግፋል። ስታይሉን አስቀድሜ ባላዘጋጅ ኖሮ በ Ctrl+1 የተሰጠው Single ወደ ነባሩ ቁጥር ይመለስ ነበር፣ ግራና ቀኝ የተስተካከለውም ጽሑፍ ቀኙ ይበታተን ነበር። የምዕራፍ ርእሶቹን የተውኋቸውም መሐል የገቡት በእጅ ስለነበር ወደ ግራ እንዳይሸሹ ነው። ለእነርሱ Heading 1ን አስተካክዬ Before 18፣ After 6 እና መሐል ላይ መሆንን ሰጠሁት። ትልቁን የመውሰድ ሕግ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ከምዕራፉ በላይ ያለው ጽሑፍ After 6 ቢይዝም ርእሱ 18 ስለሚጠይቅ በእያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ ያለው ክፍተት ሳይዛባ 18 ይሆናል።

በደንቡ ውስጥ በኤንተር የተሠሩ ሁለት ባዶ ፓራግራፎችም ነበሩ። ምልክቶቹን ስንገልጥ ብቻዋን የቆመች ¶ የሚያሳየን እነዚህን ነው። እያንዳንዷ የራሷን መስመር ቁመትና የራሷን After ስለምትይዝ ከሁሉ የሰፋውን ክፍተት የምትፈጥረው እርሷ ናት፤ አጠፋኋቸው። በተቃራኒው ደግሞ በመስመር መጨረሻ ላይ የታጠፈች ቀስት ከታየች ጸሐፊው Shift ይዞ ኤንተር ተጭኗል ማለት ነው። ያ መስመር ተቆረጠ እንጂ ፓራግራፉ አላለቀም፤ ስለዚህ Before እና After እዚያ ላይ ሊሠሩ አይችሉም።

ወደ ኋላ ያቆየሁት ልዩነቱ በፓራግራፉ ውስጥ ሲሆን ያለውን ነገር ነው። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የዚህ ዋና ምክንያት የፊደል ዓይነት ነው። Single ማለት የተወሰነ ቁመት ማለት አይደለም፤ መስመሩ ላይ ያለው ፊደል የሚጠይቀው ቁመት ማለት ነው። ኒያላ እና ኢብሪማ በአንድ መጠን ተጽፈውም የሚጠይቁት ቁመት አንድ አይደለም። የተመረጠው ፊደል ግእዝን የማያውቅ ከሆነ ደግሞ ወርድ ሌላ ፊደል ራሱ ይተካል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ቃል የገባበት መስመር ከጎረቤቱ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ይህን በ Before እና After ለማስተካከል መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ጽሑፉን ሁሉ አንድ ፊደል ማልበስ ይቀድማል። Exactly የሚለው ምርጫ መስመሮቹን በግድ እኩል ያደርጋቸዋል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ካነሰ የፊደሎቹ ራስ ተቆርጦ ይታያልና ከማተም በፊት በደንብ መታየት አለበት።

ደንቡ ተስተካክሎ በአራት ገጽ ሲወጣ ጸሐፊው መነጽራቸውን አድርገው መጀመሪያ የተመለከቱት የ8ን እና የ9ን መጋጠሚያ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አጠፍ አድርገው የ5.2ን ክፍተት ከ9 በላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን አስጠግተው አስተያዩት። ሁለቱም 6 ፖይንት ነበሩ። ፋይሉን በፍላሽ ስመልስላቸው በፒዲኤፍ የተቀመጠ ሁለተኛ ቅጂ ጨመርሁበት፤ ምክንያቱም የእድሩ ሊቀመንበር ኮምፒዩተር ላይ ደንቡ የተጻፈበት ፊደል ከሌለ በወርዱ ፋይል ላይ Before እና After ሳይለወጡ ቢቆዩም የመስመሮቹ ቁመትና ገጹ የሚያልቅበት ቦታ ሊለወጥ ይችላል።